ለዱቄቱ ሻጮች የጻፍኩት የእምቢታ ኢሜይል

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ መታወቂያና ካርታ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ኢሜይል የሌላቸው ሰዎች የትምህርት ማስረጃቸውን ስካን አድርጌ እንድልክላቸው ይመጣሉ። ስለዚህ ለሰው ደብዳቤ መጻፍ እንጀራዬ ነው። ለራሴ አንድ ኢሜይል ለመጻፍ ያን ያህል እጄ ይታሰራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ። በክኒን የሚያዘው ሳይሆን ኢንሱሊን በየቀኑ መወጋት ግድ የሚለው ዓይነት ነው። ሕመሙን ደብቄ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነበር የምወጋው። ካደግኩ በኋላ፣ ልጆቻቸው እንደኔ የሆኑባቸው የገጠር እናቶች ሱቄ ድረስ እየመጡ ሲጠይቁኝ፣ መልሱን በስልኬ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመርኩ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በውኃ በራሰ ሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ መርፌው የሚወጋበትን ቦታ ለምን መቀያየር እንደሚያስፈልግ፣ በጾም ሰዓት ከሐኪም ጋር ምን መነጋገር እንደሚገባ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ተመልካቾቼ ብዙ አይደሉም፤ ግን ያምኑኛል። ከአማኑኤል፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከይጁቤ ይደውላሉ። አንዳንዶቹ ስልክ የላቸውም፤ በጎረቤት ስልክ ነው የሚያዩኝ።

ኢሜይሉ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ማሽኑን አብርቼ ወረቀት እየሞላሁ ነበር። ላኪዋ አዲስ አበባ ያለ የአንድ አስመጪ ድርጅት የማስታወቂያ ኃላፊ ነች። ቻናሌን ለረጅም ጊዜ ስትከታተል እንደቆየች፣ ሥራዬ እንደሚያስደስታት፣ ድርጅቷም ቻናሉን ስፖንሰር ማድረግ እንደሚፈልግ ጽፋለች። ምርቱ ከዕፅዋት የተዘጋጀ፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ነው። ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘው ሥዕል ላይ አንድ ፈገግ ያለ ሽማግሌ ብርጭቆ ይዟል፤ ከበላዩ በትልቁ «ከመርፌ የሚገላግል» ይላል።

አባቴ ከኋላዬ፣ ዘወትር በሚቀመጥባት ወንበር ላይ ነበር። በወጣትነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምሮ፣ ኋላም ብዙ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

አንብቤ ስጨርስ፣ «ከመርፌ የሚገላግል ማለቱ መርፌውን ያስጥላል ማለቱ ነው?» አለኝ።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አንቺ ብትጥዪው ምን ትሆኛለሽ?»

መልሱን ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ዘመዳችን ጸበል ቦታ ወስዶኝ መርፌዬን ያስጣለኝ ጊዜ፣ ራሴን ስቼ በቃሬዛ ያወረደኝ አባቴ ነው።

እምቢ ማለቴ አላጠራጠረኝም። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ይህ ድርጅት ዱቄት ብቻ አይደለም የሚያስመጣው። የስኳር መለኪያ መሣሪያውንና ደም የሚነካበትን ቀጭን ወረቀት፣ እኛ ስትሪፕ የምንለውን፣ የሚያስመጣውም እሱ ነው። ከተማችን ውስጥ የኔን መሣሪያ ስትሪፕ የሚያመጣው አንድ ፋርማሲ ብቻ ነው፤ እሱም ከነሱ ነው የሚረከበው። ስትሪፕ የጠፋ ሰሞን የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ስኳሬ ወርዶ ይሁን ወጥቶ ሳላውቅ፣ በግምት እየተወጋሁ መኖር ነው። ካስቀየምኳቸውስ? ይቺ ናት ብለው ለከተማው መላክ ቢተውስ? አሁን ሳስበው አንድ ትልቅ ድርጅት በኔ ተቀይሞ ከተማ ይቀጣል ማለት ዘበት ነው። ያኔ ግን አመንኩት።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ መጻፍ ጀመርኩ። ስለሰጡኝ ክብር አመሰገንኩ፤ የምርቱን ጥራት እንደማልጠራጠር ጻፍኩ፤ ለጊዜው ሁኔታዎች እንዳልተመቻቹልኝ፣ ሆኖም ሐሳቡን በታላቅ አክብሮት እንደምመለከተው፣ ወደፊት በሰፊው እንደምንነጋገርበት ተስፋ እንዳለኝ ገለጽኩ። ለአባቴ አነበብኩለት።

«ቅኔ ነው የጻፍሽው» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ወርቁን ቀብረሽ ሰሙን ብቻ ነው የላክሽላት። ቅኔ ቤት ቢሆን እሰየው ነው፤ ፈልጎ የሚያወጣው ሰው አለ። ይቺ ሴትዮ ግን ሥራ አለባት። ይህን አንብባ እሺ ብላለች ነው የምትለው።»

«በትህትና ለመጻፍ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ትህትናውን አልጠላሁትም። እምቢታው የት አለ?»

ተመልሼ አነበብኩት። የለም። አንድም ቦታ «አልችልም» ወይም «አልፈልግም» አላልኩም። ምርቱ ጥሩ እንደሆነ እንደማምን ጭምር ነው የጻፍኩት። አጠፋሁትና አዲስ ጀመርኩ፤ ግን «አልቀበልም» የምትለዋን ቃል ስደርስባት ስትሪፑ ፊቴ ላይ ይመጣል። ረቂቅ ላይ አስቀምጬ ሱቁን ዘጋሁ። ዓርብም ከፍቼ ዘጋሁት፤ ቅዳሜም እንዲሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ዓረፍተ ነገር ሳማርጥ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ተመልካቼ በቴሌግራም ሥዕል ላከችልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል መልእክቷ። ሥዕሉን ስከፍተው ፊቴ ነው። ከአንዱ ቪዲዮዬ ላይ ተቆርጦ የወጣ፣ አፌ ሊናገር ከፈት ያለ፣ የራሴ ፊት። ከጎኑ የዱቄቱ ቆርቆሮ ቆሟል። ከሥሩ «በቅርቡ ከእኛ ጋር» ተብሏል። ድርጅቱ ይህን በራሱ የቴሌግራም ገጽ ላይ የለጠፈው ኢሜይሉ በመጣ በማግስቱ ነበር። እኔ ገና ቃል ስመርጥ እነሱ ቀድመው ለጥፈውኛል።

እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ ላብ አለኝ። የኔ ሕመም ክፉ ነገሩ፣ ስኳር ሲወርድና ሰው ሲፈራ ሰውነት አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልቡ ምት፣ ሁሉም ያው ነው። ለመለየት መለካት ያስፈልጋል። ጣቴን ወግቼ ለካሁ። ቁጥሩ ደህና ነው። እንግዲህ ስኳሬ ወርዶ አይደለም፤ ፈርቼ ነው ማለት ነው።

የራሴ ቻናል ቢሆን ሥዕሉን አጠፋው ነበር። የነሱን ገጽ ግን ምን ላደርገው? ኢሜይሉ ግርጌ ያለውን ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ያን ጊዜ ነው ሌላ ስልክ በመሐል የገባው። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እህቴ፣ ከይጁቤ ነው» አለች አንዲት ሴት። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አንቺ ነሽ አይደል የስኳሯ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ሆነው ነው?»

«ልጄ ናት። ያንን የምትሰጪውን ዱቄት ገዝቼላት፣ አሁን አልበረታም አለች። ሌላ ስንት ላጠጣት ብዬ ነው።»

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። «የምትሰጪው» ነው ያለችኝ።

«መርፌውስ?» አልኳት።

«እሱንማ ትተነዋል። ዱቄቱ ከመጣ ወዲያ ምን ያደርጋል ብለን። አንቺን ከቆርቆሮው ጋር አይቼሽ ነው እኮ።»

«መቼ ነው የተወችው?»

«ከቅዳሜው ገበያ ገዝቼው፣ በማግስቱ።»

«እትዬ፣ ይስሙኝ። ትውከት አላት? ሽንቷስ?»

«ውኃ ብቻ ነው የምትለኝ፤ ስትጠጣና ስትሸና ነው ያደረችው። ጠዋት አስመለሳት። ሆዴን ትላለች።»

«አተነፋፈሷስ እንዴት ነው?»

«እንደ ሮጠ ሰው ነው፤ በረጅሙ። አፏ ደግሞ የበሰለ ፍሬ ፍሬ ይላል።»

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በቃሬዛ ስወርድ የኔም አፍ እንደዚያ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ዘወር ብዬ አየሁት፤ የስልኩን ድምፅ ከፍቼው ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል።

«ዱቄቱን ይተዉት» አልኳት። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እዚያ ሲደርሱ ‹ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን አቋርጣለች› ይበሉ። ይህችን ብቻ አይርሱ። ነገ ይሻላታል ብለው አይጠብቁ። ወደዚህ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይልኳችኋል፤ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

«ትሞትብኛለች እንዴ?» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ፤ ልጅቷ እንዳትሰማት መሰለኝ።

«ይፍጠኑ፣ እትዬ» አልኳት።

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው የሚጠይቀው ዛሬ ያሳልፋል ወይ ብቻ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ገብቼ የይጁቤን ሾፌሮች ጠየቅኩ። አንዱ ጠዋት እንደገባ ነገረኝ፤ ሌላው ከሰዓት አይታወቅም አለ። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አባቴን ሱቁን ይጠብቁልኝ ብዬ ትቼው ነበር።

በሩ ላይ ቆሜ መኪና በመጣ ቁጥር አንገቴን አስግጋለሁ። የማላውቃትን ልጅ መልክ ልሠራላት እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ የራሴ የልጅነት መልክ ነው። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ አሁንም ሳወራው ያሳፍረኛል። እናቲቱ ስታየኝ ምን ትላለች? ሕዝብ መሐል ይቺ ናት ልጄን የገደለችው ብትለኝስ? ስምምነት አልፈረምኩም፣ እሺ አላልኩም፣ ኢሜይሉን እንኳ አልመለስኩም። ይህን ሁሉ ለማን ነው የማስረዳው? ፊቴ ከቆርቆሮው ጎን አለ። ላየው ሰው ያ ይበቃዋል።

አምቡላንሱ ሲገባ ሮጥኩ። ልጅቷ አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ዓመት ብትሆናት ነው። ጤና ጣቢያው ክንዷ ላይ ፈሳሽ ሰክቶላታል፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፤ ደረቷ በረጅሙ ይወጣል፣ ይወርዳል። እናትየዋ ከኋላ ወርዳ ነጠላዋን እየሰበሰበች ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠምን። ወዲያው ነው ያወቀችኝ። እጄን ይዛ ከአልጋው ኋላ ጎትታኝ ገባች። እስከ ድንገተኛው ክፍል በር ድረስ አለቀቀችኝም። ጥፍሯ መዳፌ ላይ የተወው ምልክት ማታም ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደም ወሰዱ፤ ኢንሱሊን በደም ሥር ጀመሩ፤ ፈሳሹን ጨመሩ። ቆይቶ ወጥቶ፣ «በጊዜ ነው የመጣችሁት፤ ግን ገና ነው፤ ዛሬን እንከታተላታለን» አለን። እናትየዋ «ገና ነው» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማችው። መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«መርፌውን ትጠላዋለች» አለችኝ፣ ግድግዳውን እያየች። «በተወጋች ቁጥር ታለቅሳለች። እኔም አለቅሳለሁ። አንቺን ስልኩ ላይ ሳይሽ፣ እሷ ራሷ ከመርፌው ከተገላገለች የኔዋም ትገላገላለች አልኩ።»

«እኔ አልተገላገልኩም፣ እትዬ። ዛሬ ጠዋትም ተወግቻለሁ። ያን ዱቄት አይቼው አላውቅም። ሥዕሌን ሳይጠይቁኝ ነው የለጠፉት።»

ዞር ብላ አየችኝ። «እንግዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ለምን ዝም እንዳልኩ ለማስረዳት ስለ ስትሪፕ ማውራት ሊኖርብኝ ነው። ልጇ እዚያ ተኝታ ያንን ማውራት አልቻልኩም።

ወደ ግቢው ወጥቼ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ረቂቁን ከፈትኩ። አሁን ቃላቱ ፈሰሱ። ነፍሰ ገዳዮች ናችሁ፣ አምላክ ይፍረድባችሁ፣ በሕግ እጠይቃችኋለሁ፣ በቪዲዮዬ ስማችሁን አወጣለሁ። ጣቴ ፊደሉን እየሳተ ይሮጣል። አባቴ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ዳቦ በፌስታል ይዞ፣ መጀመሪያ ድንገተኛው ክፍል ገብቶ ልጅቷን አይቶ እኔ ጋ የደረሰው በዚያ ሰዓት ነው። መጀመሪያ እንድበላ አስገደደኝ፤ ምሳ አልቀመስኩም ነበር። ከዚያ «አንብቢልኝ» አለ።

አነበብኩለት።

«ይህንንም አትላኪው» አለ።

«ለምን? ልጅቷን አላዩዋትም እንዴ?»

«አይቻታለሁ። የጻፈችልሽ ሴትዮ ግን አላየቻትም። ምን እንደተደረገ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ስትሰደብ ግን ራሷን ትከላከላለች እንጂ ሥዕሉን አታነሳም። አንቺ አሁን የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«ሥዕሉ እንዲነሳ ነው። ዱቄቱን እንደማልቀበል እንዲያውቁ። ሌላ እናት እንዳታየው።»

«ሌላስ?»

አመነታሁ። «ስትሪፑ እንዳይቀር።»

«እንግዲያ ይህንኑ ጻፊዋ። በቅኔም አይሁን፣ በስድብም አይሁን።»

አጠገቤ ሆኖ ጻፍኩት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አነብለታለሁ፤ እሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል ወይም ዝም ይላል። ዝም ካለ ሰርዤ እጽፈዋለሁ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«የተከበሩ እህቴ፣

ቻናሌን ስለተከታተሉና አብረን እንድንሠራ ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ግብዣውን ካየሁ በኋላ የደረስኩበትን ውሳኔ በግልጽ ልንገርዎት፤ ዱቄቱን በቻናሌ አላስተዋውቅም። ተመልካቾቼ አብዛኞቹ ኢንሱሊን ካልወሰዱ በሕይወት የማይኖሩ ልጆችና ወላጆቻቸው ናቸው። ‹ከመርፌ የሚገላግል› የሚል ምርት ለነሱ አይሆንም፤ ክፍያው ወይም ማስታወቂያው ቢለወጥም ውሳኔዬ አይለወጥም።

ከዚህ ጋር አንድ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ፎቶዬ ከምርቱ ጋር ተለጥፏል። እኔ አልተስማማሁም፤ ፈቃድም አልሰጠሁም። ማስታወቂያውን ያየች አንዲት እናት የልጇን ኢንሱሊን አቋርጣ፣ ልጅቷ ዛሬ ሆስፒታል ገብታለች። ይህን የምጽፍልዎት ልከስዎት ሳይሆን የሆነውን ማወቅ ስላለብዎት ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ያንሱልኝ፤ እኔም አብሬያችሁ እንደማልሠራ በዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ድርጅታችሁ የስኳር መለኪያ መሣሪያና ስትሪፕ እንደሚያስመጣም አውቃለሁ፤ እኔም ተጠቃሚው ነኝ። ወደፊት ስለነዚህ አጠቃቀም አብረን መሥራት ብትፈልጉ በደስታ እነጋገራለሁ። የማስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ የተከፈለበት መሆኑ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ እንዲነገርና ሐኪም ያላረጋገጠው ነገር እንዳይባል ነው።

ከአክብሮት ጋር።»

«‹ለጊዜው› አላልሽም» አለ አባቴ።

«ለዱቄቱ ‹ለጊዜው› የሚባል ነገር የለም።»

«በሩንስ የከፈትሽው ለየትኛው እንደሆነ ይለያል?»

«ለስትሪፑ ነው። ይለያል።»

ላክ የሚለውን ነካሁት። «በመላክ ላይ» አለና እዚያው ቆመ። ዳታ የለም። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ግቢውን ዞርኩ። ምንም የለም። የሆስፒታሉ ዘበኛ ከተማው ሁሉ ኢንተርኔት እንደጠፋ ነገረኝ። ሥዕሉ ግን እዚያ አለ፤ ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች አሁን እያዩት ነው። እኔ ልሰርዘው አልችልም፤ መልእክቴም ከኪሴ አይወጣም። ያን ከሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት ከሌላው ቀን ሁሉ ለይቼ አስታውሰዋለሁ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ሌላ እናት ናት ብዬ እደነግጣለሁ። የማውቃቸውን ቁጥሮች ሁሉ በተራ ደወልኩ፤ ከአማኑኤል ያሉትን፣ ከደብረ ወርቅ ያሉትን። «ዱቄቱ የኔ አይደለም፤ መርፌያችሁን እንዳትተዉ፤ ለምታውቁት ሰው ንገሩ» እያልኩ። አንዲቷ «አዝዤ ነበር፤ እንኳን ደወልሽ» አለችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አለፍኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳታው መጣ። ኢሜይሉ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ስገባ ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች። ሐኪሙ አደጋውን እንዳለፈች ነገረን። እናትየዋ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «ቆርቆሮውን ቤት ነው የተውኩት፤ ስመለስ ሜዳ ላይ እደፋዋለሁ» ነው። ከዚያ «ትናንት የጠየቅኩሽን እርሺው» አለች። አልረሳሁትም፤ ግን አመሰገንኳት።

መልሱ የመጣው ከረፋዱ ላይ ነው። ከመክፈቴ በፊት አባቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ አጭር አድርጋ ነው የጻፈችው። ሥዕሉን የለጠፈው የገጹ ሠራተኛ ስምምነቱ የተፈጸመ መስሎት እንደሆነ፣ እንደተነሳና የጠየቅኩት መስመር እንደተጻፈ፣ ስለ ልጅቷ መስማቷ በጣም እንዳስደነገጣት ገልጻለች። «ስለ ማስታወቂያው አባባል ለአለቆቼ አቅርቤአለሁ፤ ምን እንደሚወስኑ ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም» ትላለች። የመሣሪያው ሥራ በሌላ ክፍል ስለሆነ ኢሜይሌን እዚያ እንዳስተላለፈችው ጨምራለች። ገጹን ከፈትኩ። ፊቴ የለም። ዱቄቱ ግን አለ፤ ፈገግ ያለው ሽማግሌም አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። አንድ ቀን ፋርማሲው ሄጄ ስትሪፕ ስጠይቅ፣ ባለሙያዋ «አልመጣም» አለችኝ። ከኔ የተነሳ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

«ምን አሉሽ? ለምን አልላኩም?» አልኳት።

«ምን ይሉኛል? መንገዱ ነዋ» አለች፣ ግራ ተጋብታ እያየችኝ። «ጨውም አልመጣ።»

መንገዱ ሲከፈት ስትሪፑም መጣ። ቀጥሎ ያለውን ቪዲዮ የሠራሁት ስለዚያ ሽታና ስለዚያ አተነፋፈስ ነው። የማንንም ድርጅት ስም አልጠራሁም። ፊቴን ከቆርቆሮ ጎን ያዩ ሰዎች ካሉ ፈቃዴ እንዳልነበረ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳያዝዘው እንዳይተው፣ ቀስ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ተናገርኩ። አንዳንዱ ከሥሩ «ከፍለውሽ ነበር፣ ሲነቃብሽ ነው» ብሎ ጻፈ። ያንን አነበብኩት፤ አላጠፋሁትም፤ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ ብሎ ነበር።

የመሣሪያው ክፍል ኃላፊ የጻፈልኝ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ኢሜይሌን እንዳነበበው፣ የጠየቅኩትን ሁለቱንም ቅድመ ሁኔታ እንደሚቀበል፣ ስለ አለካክ አንድ ቪዲዮ ብንሠራ ፈቃደኛ እንደሆንኩ ይጠይቃል። የስምምነቱን ረቂቅ ጠየቅኩት፤ ሲልክልኝ እያንዳንዱን አንቀጽ ለአባቴ አነበብኩለት። ፎቶዬ ለሌላ ምርት እንዳይውል የሚል መስመር እንዲገባ ጠየቅን። ገባ። እንዲያም ሆኖ ስፈርም ፈርቼ ነው የፈረምኩት፤ አባቴም «ፈርተሽ መፈረምሽ ደግ ነው፤ በደንብ አንብበሻል» ከማለት ሌላ አላጽናናኝም።

የይጁቤዋ እናት ልጇን ለቀጠሮ ባመጣቻት ቁጥር ሱቄ ጎራ ትላለች። ባለፈው የመጡ ጊዜ ልጅቷ ጣቷን ራሷ ወግታ ለካች፤ እናቷ ፊቷን አዙራ ነበር። ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ፣ «አንቺንም ያምሻል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ያመኛል» አልኳት።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን ብዙም አይሰማኝም።»

አስባ አስባ፣ «ዛሬ ትንሽ ነው ያመመኝ» አለች። እናቷ ዞር አለችና የኢንሱሊኑን ሸክላ የሚያርሰው ውኃ በስንት ቀን መቀየር እንዳለበት ጠየቀችኝ። እየነገርኳት ሳለ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ገባ፤ ተነሥቼ ማሽኑን አበራሁ።